ተወዛውዞ የሚቆመው ሞተር፦ በአራት ማዕዘን የሽቦ ጥቅል ላይ ስለሚሠራው ቶርክ

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የስምንተኛ ክፍል ልጄ በትልቁ የባትሪ ድንጋይ፣ በሁለት መርፌ ቁልፍና ከተበላሸ ስፒከር በወጣ ማግኔት ትንሽ ሞተር ሠራች። ሽቦውን በአራት ማዕዘን ቅርጽ 15 ጊዜ ጠቅልላ፣ አንዱን ጫፍ ሙሉ በሙሉ፣ ሌላውን ደግሞ ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ የላይኛውን ግማሽ ብቻ በምላጭ ፍቃዋለች። ማግኔቱ ባትሪው ላይ፣ ከጥቅሉ ሥር ነው። ጥቅሉ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይቆማል። ደግሞ እኛ ስንማር በወጥ መስክ ውስጥ ባለ ጥቅል ላይ ጠቅላላው ጉልበት ዜሮ ነው ተብለናል፤ ዜሮ ከሆነ ምን ያዞረዋል?»

መልስ፦

ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምር፤ መጀመሪያው የሚፈታው በእሱ ነውና። የጉልበቶቹ ድምር ዜሮ ነው ሲባል ጥቅሉ ካለበት ቦታ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ አይሄድም ማለት እንጂ አይዞርም ማለት አይደለም። የመኪና መሪ በሁለት እጅዎ ይዘው ቀኙን ወደ ታች፣ ግራውን በዚያው መጠን ወደ ላይ ቢገፉ፣ ሁለቱ ጉልበቶች ተደምረው ዜሮ ናቸው፤ መሪው ግን ይዞራል። የሚያዞረው ጉልበቶቹ በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸው፣ ማለትም በመካከላቸው ርቀት መኖሩ ነው። ጉልበትን ከዚህ ርቀት ጋር አባዝተን የምናገኘውን የማዞር አቅም ቶርክ እንለዋለን፤ መለኪያውም ኒውተን ሜትር ነው። በትምህርት ቤት የተነገራችሁ እውነት ነው፤ ችግሩ ከዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛው ግማሽ መቅረቱ ነው፦ ጠቅላላው ጉልበት ዜሮ ነው፣ ጠቅላላው ቶርክ ግን ዜሮ ላይሆን ይችላል።

አሁን የልጅዎን ሞተር ከፊት ለፊታችን እናስቀምጠው። ጥቅሉን የሚሸከመው ዘንግ፣ ማለትም ከሁለት ወገን የወጡት የሽቦ ጫፎች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድመዋል። ማግኔቱ ከሥር ስለሆነ መግነጢሳዊ መስኩ ከታች ወደ ላይ ይነሣል ብለን እንያዝ። የጥቅሉ አራት ጎኖች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ሁለቱ ከዘንጉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ረጃጅሞች፣ ሁለቱ ደግሞ ከዘንጉ ጋር መስቀለኛ የሆኑ አጫጭሮች። ከረንት በተሸከመ ሽቦ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ምንጊዜም ለሽቦውም ለመስኩም መስቀለኛ ነው። ስለዚህ በረጃጅሞቹ ጎኖች ላይ የሚያርፈው ጉልበት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሆን አይችልም፤ ወደ እርስዎ ወይም ከእርስዎ ይሆናል። ከረንቱ በአንደኛው ጎን ወደ ቀኝ ሲሄድ በሌላኛው ወደ ግራ ስለሚመለስም፣ አንዱ ጎን ወደ እርስዎ ሲሳብ ሌላው በእኩል መጠን ከእርስዎ ይገፋል።

አጫጭሮቹን ጎኖች በፍጥነት ልለፋቸው። ጥቅሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም እነሱ ከመስኩ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚሆኑ ምንም ጉልበት አያርፍባቸውም። ጥቅሉ ሲተኛ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይጎተታል፤ ይህም በዘንጉ አቅጣጫ ላይ ስለሆነ ጥቅሉን ለመለጠጥ ይሞክር እንደሆነ እንጂ አያዞረውም። ከዚህ በኋላ ልንረሳቸው እንችላለን።

ወሳኙ ነገር ረጃጅሞቹ ጎኖች ላይ ነው። ጥቅሉ ቆሞ ሳለ አንዱ ረጅም ጎን ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው። የላይኛው ወደ እርስዎ ይሳባል፣ የታችኛው ከእርስዎ ይገፋል፤ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ያለው ርቀት የአጭሩ ጎን ሙሉ ርዝመት ነው፤ ጥቅሉም በሙሉ አቅሙ ይጠመዘዛል። ጥቅሉ ሩብ ዙር ዞሮ ሲተኛ ደግሞ አንዱ ረጅም ጎን ወደ እርስዎ ቀርቧል፣ ሌላው ርቋል። ጉልበቶቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤ መጠናቸውም አቅጣጫቸውም ቅንጣት አልተለወጠም። ነገር ግን የቀረበውን ጎን ይበልጥ ወደ እርስዎ፣ የራቀውን ይበልጥ ወደዚያ ስለሚጎትቱት ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ወድቀዋል። በርን በእጀታው ይዞ ከማጠፊያው በተቃራኒ፣ በበሩ በራሱ ገጽ አቅጣጫ እንደ መጎተት ነው፤ የቱንም ያህል ቢጎትቱ በሩ አይዞርም።

ይህን ያጎላሁት ብዙ ተማሪ «ጥቅሉ ሲተኛ ጉልበቱ ይጠፋል» ብሎ ስለሚጽፍ ነው። ጉልበቱ አይጠፋም፤ የሚያጥረው ክንዱ ነው። በቀመሩ ውስጥ ያለችው ሳይንም የክንዱ መለኪያ ናት። በጥቅሉ ገጽ መሐል ላይ አንድ ምናባዊ ሚስማር ቀጥ አድርገው ይምቱ እንበል። በዚህ ሚስማርና በመስኩ መካከል ያለውን ማዕዘን θ ብንለው፣ የረጅሙን ጎን ርዝመት a፣ የአጭሩን b ብንል፣ በአንዱ ረጅም ጎን ላይ ያለው ጉልበት N I a B ነው፤ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ b sin θ ነው። ሲባዙ፦

τ = N I A B sin θ

እዚህ N የዙሩ ብዛት፣ I ከረንቱ፣ A የጥቅሉ ስፋት (a ሲባዛ በ b)፣ B የመስኩ ብርታት ነው። ማዕዘኑ የሚለካው ከሚስማሩ እንጂ ከጥቅሉ ገጽ አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ በፈተና ላይ ነጥብ ከሚያስጥሉት ስሕተቶች በመጀመሪያው ረድፍ ያለው ይህ ነው። ጥቅሉ ሲቆም ሚስማሩ ይጋደማል፣ θ 90 ዲግሪ ይሆናል፣ ቶርኩም ከፍተኛ ነው። ጥቅሉ ሲተኛ ሚስማሩ ይቆማል፣ θ ዜሮ ነው፣ ቶርኩም ዜሮ።

በቁጥር እንየው። የልጅዎን ጥቅል ልኬት ስለማላውቅ እኔ በምሠራበት መጠን ልውሰድ፦ ረጅሙ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር፣ አጭሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ 15 ዙር፣ የሽቦው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር። የዚህ ሽቦ ጠቅላላ ርዝመት ወደ 2 ሜትር ስለሚጠጋ ሬዚስታንሱ ከ0.2 ኦም በታች ነው፤ ነገር ግን የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስና መርፌ ቁልፉ ሽቦውን የሚነካበት ቦታ ተጨምረው ድምሩን ወደ 0.75 ኦም ቢያደርሱት፣ ከ1.5 ቮልት ባትሪ 2 አምፔር ይፈስሳል። መስኩ ጥቅሉ ባለበት ቦታ 0.04 ቴስላ ነው እንበል። እንግዲህ በአንዱ ረጅም ጎን ላይ የሚያርፈው ጉልበት 15 × 2 × 0.04 × 0.04፣ ማለትም 0.048 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም የ5 ግራም ክብደት ያህል ነው። ጥቅሉ ራሱ 3.5 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ጉልበቱ የሚናቅ አይደለም። ከፍተኛው ቶርክ ይህ ሲባዛ በ0.025 ሜትር፣ 0.0012 ኒውተን ሜትር ነው። ሚስማሩ ከመስኩ 30 ዲግሪ ሲርቅ ቶርኩ በግማሽ ይወርዳል፤ 10 ዲግሪ ሲቀር ከከፍተኛው አንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ይተርፋል።

ጥቅሉ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ መተኛት ሲመጣ ቶርኩ እየደከመ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ግን በዚያ ሰዓት ከፍተኛ ስለሆነ አልፎ ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው ካለፈ በኋላ ነው። ቀድሞ ከላይ የነበረው ጎን አሁን ወደ እርስዎ ደርሶ ወደ ታች መውረድ ጀምሯል፤ በእሱ ላይ ያለው ጉልበት ግን ከረንቱ ስላልተቀየረ አሁንም ወደ እርስዎ ነው። ስለዚህ መልሶ ወደ ላይ ይስበዋል። ሳይን ምልክቷን ቀይራለች ማለት ነው። ሁለቱም ጫፎች ሙሉ በሙሉ ቢፋቁና ከረንቱ ሳይቋረጥ ቢፈስስ ጥቅሉ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ ይልና፣ ሰበቃው ኃይሉን ጨርሶበት ተኝቶ፣ ፊቱን ወደ ማግኔቱ መልሶ ይቀራል። ይህ በራሱ ጥቅም የሌለው አይደለም፤ ባለ መርፌው የድሮ ቴስተር ይህንኑ ቶርክ ከቀጭን ሞላ ጋር አታግሎ ነው ከረንትን የሚለካው። ሞተር ግን አይደለም።

ሞተር የሚያደርገውን ለማየት ቶርኩን በየቅጽበቱ ከመከተል ይልቅ በአንድ ሙሉ ዙር ጥቅሉ የሚያገኘውን ሥራ መቁጠር ይሻላል። θ ከዜሮ እስከ 180 ዲግሪ ባለው ግማሽ ዙር ቶርኩ በአንድ አቅጣጫ ይሠራል፤ በዚያ ውስጥ የሚሰጠው ሥራ 2 N I A B ነው፤ በእኛ ቁጥር 0.0024 ጁል። ከ180 እስከ 360 ባለው ግማሽ ዙር ደግሞ ያንኑ 0.0024 ጁል መልሶ ይወስዳል። ከረንቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ የዙሩ ሒሳብ ዜሮ ነው፤ ማግኔቱን የቱንም ያህል ብርቱ ቢያደርጉት፣ ባትሪውንም ቢደራርቡት ሒሳቡ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ለመዞር ያለው መንገድ አንድ ነው፦ በሁለተኛው ግማሽ ዙር ከረንቱን ማቋረጥ ወይም መገልበጥ።

ግማሹን ብቻ መፋቅ ማቋረጡን ነው የሚያደርገው። ቫርኒሽ ያለበት ወገን መርፌ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ከረንት የለም፤ ባዶው መዳብ ሲያርፍ አለ። ልጅዎ ይህን በትክክል ገብቷታል። የተሳሳተችው የትኛው ግማሽ እንደሆነ ነው፤ ይህም ስሕተት ከመፋቅ ብዛት ወይም ማነስ ጋር አይገናኝም።

ሁኔታው እንዲህ ነው። እሷ ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ የላይኛውን ግማሽ ፋቀች። ጥቅሉ መርፌ ቁልፉ ላይ ሲሰቀል ዘንጉን የሚነካው የመርፌ ቁልፉ ቀዳዳ ታችኛው ጠርዝ ስለሆነ፣ ባዶው መዳብ የሚገናኘው ጥቅሉ ተገልብጦ በተኛ ጊዜና ከዚያ በፊትና በኋላ ባለው ሩብ ዙር ነው። ከረንቱ እንግዲህ ጥቅሉ ከቆመበት ይጀምራል፣ ተኝቶ ያልፋል፣ እንደገና እስኪቆም ይቀጥላል። መጀመሪያው ሩብ ዙር ላይ ቶርኩ ወደ መተኛት ይስበዋል፤ 0.0012 ጁል ይሰጠዋል። ሁለተኛው ሩብ ዙር ላይ ያው ቶርክ ወደ ኋላ ስለሚስበው 0.0012 ጁል ይነጥቀዋል። ከረንቱ የቆየው ግማሽ ዙር ነው፣ ትርፉ ግን ዜሮ ነው። የባትሪውን ዋልታ ብትገለብጥም መጀመሪያ ይነጥቀዋል፣ ቀጥሎ ይሰጠዋል እንጂ ሒሳቡ አይቀየርም። ለዚህ ነው ተወዛውዞ የሚቆመው።

ከረንቱ መኖር ያለበት ቶርኩ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ግራና ቀኝ ነው፤ ማለትም ጥቅሉ ከተኛበት ተነሥቶ ቆሞ እንደገና እስኪተኛ። ስለዚህ ማግኔቱ ከሥር ከሆነ፣ ጥቅሉን በሁለት ጣት ቀጥ አድርጎ አቁሞ በዚያ ሁኔታ የአንዱን ጫፍ የላይኛውን ግማሽ ብቻ መፋቅ ነው። ሌላው ጫፍ ዙሪያውን ይፋቃል። የተሳሳተው ወገን አስቀድሞ ስለተፋቀ አዲስ ጥቅል መሥራት ግድ አይደለም፤ ያላስፈላጊውን ባዶ መዳብ በጥፍር ቀለም ቀብቶ ማድረቅ ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙከራ እንድታደርግ እመክራለሁ፤ ምንም ሳትፍቅ። ማግኔቱን ከባትሪው ላይ አንሥታ በእጇ ትያዘውና ከጥቅሉ ጎን፣ በጥቅሉ ከፍታ፣ ሰፊ ፊቱን ወደ ዘንጉ አድርጋ ታቅርበው። አሁን መስኩ የሚሄደው ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከእጇ ወደ ጥቅሉ፣ በአግድም ነው። ስለዚህ ቶርኩ ከፍተኛ የሚሆነው ጥቅሉ ሲተኛ ነው፤ ያ ደግሞ እሷ የፋቀችው ወገን የሚገናኝበት መሐል ነው። በጣቷ ትንሽ ብታስነሣው መዞር አለበት። ያኔ የሠራችው ሞተር ከመነሻው ትክክል እንደነበረና ማግኔቱ ብቻ ሩብ ዙር እንደተሳሳተ በዓይኗ ታያለች። እኔ ራሴ ለክፍል ካዘጋጀኋቸው ስድስት ሞተሮች አራቱ በዚሁ ምክንያት እምቢ ብለውኝ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ባትሪ ስቀያይር ካለፈ በኋላ ነው፣ አንዲት ተማሪ ማግኔቱን ለማየት ከቦታው ስታነሣው ጥቅሉ መዞር ሲጀምር የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ከመቀየሬ በፊት ማግኔት አንቀሳቅሳለሁ።

ማግኔቱን ወደ ጎን ወስዳም እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ጋ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው ቫርኒሹ ነው። ቫርኒሽ የተቀባ ሽቦ ቀለሙ ራሱ መዳብ ስለሚመስል የተፋቀውና ያልተፋቀው በዓይን ያሳስታል፤ በደንብ የተፋቀ መዳብ ደማቅ ቀይ ነው፣ ቫርኒሹ የቀረበት ግን ጠቆር ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። ለማረጋገጥ ቶርኩን ራሱን መጠየቅ ይቻላል፦ ባዶው ወገን ከመርፌ ቁልፉ ጋር ተገናኝቶ ሳለ ጥቅሉን ምናባዊው ሚስማር ከመስኩ 90 ዲግሪ በሆነበት ቦታ በጣት ይያዙትና ይልቀቁት። ፈጥኖ ወደ አንድ ወገን ከዘለለ ከረንትም መስክም አለ፤ የቀረው የጊዜ አሰላለፍ ብቻ ነው። ካልተነቃነቀ ከረንት የለም፤ የብርጭቆ ወረቀት ይዛ ጫፉን እንደገና ትፈትገው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ዘንጉ በጥቅሉ ትክክለኛ መሐል ካልወጣ አንዱ ወገን ይከብዳል። ያን 3.5 ግራም ጥቅል ከመሐሉ 5 ሚሊ ሜትር ብናዛባው፣ ክብደቱ የሚፈጥረው ቶርክ እስከ 0.00017 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ይህ ከ0.0012 ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ማግኔቱ ደካማ ሆኖ ወይም ርቆ መስኩ ወደ 0.01 ቴስላ ቢወርድ ከፍተኛው የማግኔት ቶርክ 0.0003 ብቻ ስለሚሆን፣ ክብደቱ ከግማሹ በላይ ይሻማዋል ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ማግኔቱን አርቃ፣ ባትሪውን ነቅላ ጥቅሉን በጣቷ ታዙረው፤ ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ ወደ ታች እየሆነ የሚቆም ከሆነ ዘንጉን በትንሹ ማጎንበስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከቀመሩ ጋር መታረቅ ያለብን ነገር አለ። «ወጥ መስክ» ያልነው ለሒሳቡ ነው። መስኩ ከማግኔቱ እየራቀ ሲሄድ በፍጥነት ይደክማል፤ ጥቅሉ ቆሞ ሳለ የላይኛው ጎን ከታችኛው 2.5 ሴንቲ ሜትር ስለሚርቅ በሁለቱ ላይ ያሉት ጉልበቶች እኩል አይደሉም። ስለዚህ የጉልበቶቹ ድምር በዚህ ሞተር ላይ በትክክል ዜሮ አይሆንም፤ ጥቅሉ ሲዞር መርፌ ቁልፉ ላይ የሚንገዳገደውና የሚዘለው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። የቶርኩ ባሕርይ፣ ማለትም የት እንደሚበረታ፣ የት ዜሮ እንደሚሆንና የት ምልክቱን እንደሚለውጥ፣ ግን አይቀየርም። ቁጥሮቼን ለግምት እንጂ ለመለኪያ አይያዟቸው።

ከረንቱን ከማቋረጥ ይልቅ መገልበጥ ቢቻል፣ ያ ባዶውን ያለፈው ግማሽ ዙርም ይሠራ ነበር፤ በአንድ ዙር የሚገኘው ሥራ ከ0.0024 ወደ 0.0048 ጁል እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ኮሚውቴተር ነው፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን በ1832 በሠራው ሞተር ላይ ተጠቅሞበታል። ከዘንጉ ላይ የተሰካ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የመዳብ ቀለበት ነው ብለው ያስቡት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ከጥቅሉ አንድ ጫፍ ጋር ተያይዟል፣ በሁለት ወገን ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ካርቦኖች ይጫኑታል። ቀለበቱ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር ካርቦኖቹ ግማሾቹን ይለዋወጣሉ፤ በጥቅሉ ውስጥ ያለው ከረንትም ይገለበጣል። ስንጥቁ ከካርቦኑ ሥር ማለፍ ያለበት ሚስማሩ ከመስኩ ጋር በተስተካከለበት፣ ቶርኩ ዜሮ በሆነበት ቅጽበት ነው። ስንጥቁ ቢዛነፍ ከዙሩ ከፊሉ ተቃራኒ ቶርክ ይሆናል፤ ሩብ ዙር ሙሉ ቢዛነፍ ደግሞ ልክ እንደ ልጅዎ ጥቅል ትርፉ ዜሮ ይገባል።

ባለ ሁለት ግማሹ ኮሚውቴተር ግን ነውር አለበት። ሞተሩ ሲጠፋ ስንጥቁ ካርቦኑ ሥር ሆኖ ቢቆም፣ እንደገና ሲበራ ቶርክ ስለሌለ አይነሣም፤ ይባስ ብሎም ካርቦኑ ሁለቱንም ግማሾች ደርቦ ከነካ ባትሪው በቀጥታ ይገናኛል። ስለዚህ ሦስት ጥቅል በ120 ዲግሪ ልዩነት ይደረጋል፤ አንዱ ዜሮ ላይ ሲሆን ሌሎቹ ይገፋሉ። የተሰበረ የመኪና መጫወቻ ካለዎት ትንሹን ሞተር ፈትተው ቢያዩት፣ ዘንጉ ላይ ሦስት የመዳብ ቁራጮች ተሰልፈው ያገኛሉ። በዚያው ሞተር ጥቅሎቹ በብረት ላይ የተጠመጠሙ፣ ማግኔቶቹም ታጥፈው ብረቱን የሚያቅፉ መሆናቸውን ያስተውላሉ፤ ይህ መስኩን ከማበርታቱ ሌላ ጥቅሉ በዞረበት ሁሉ መስኩ በቀጥታ እንዲያገኘው ስለሚያደርግ፣ ቶርኩ እንደ ሳይን ከመውጣትና ከመውረድ ይልቅ ለብዙው ዙር አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል።

የባትሪውን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ልጅዎ በእጇ ስትይዘው ሞቆ ሳታገኘው አትቀርም። ሞተሯ በሴኮንድ 10 ዙር ቢዞር የሚሰጠው 10 × 0.0024፣ ማለትም 0.024 ዋት ነው። ባትሪው ግን ከረንት ባለበት ግማሽ ጊዜ 3 ዋት፣ በአማካይ 1.5 ዋት ያወጣል። ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም የዞረው፤ የቀረው ሁሉ በባትሪው ውስጥ፣ በሽቦውና በመርፌ ቁልፉ ንክኪ ላይ ሙቀት ሆኗል። በትክክለኛ ሞተር ላይ ጥቅሉ ሲዞር ራሱ እንደ ጄኔሬተር ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር ከረንቱን ይቀንሰዋል፤ በእሷ ሞተር ላይ ያ ቮልቴጅ በዚህ ፍጥነት ከ0.04 ቮልት አይበልጥምና ለ1.5 ቮልት ባትሪ ምንም አይደለም። ስለዚህ ጥቅሉ ቢዞርም ቢቆምም ባዶው መዳብ በተገናኘ ጊዜ ሁሉ 2 አምፔሩ ይፈስሳል፤ ቆሞ በተገናኘበት ቦታ ከተረሳ ባትሪው በአጭር ጊዜ ያልቃል፣ መርፌ ቁልፉም ጣት ያቃጥላል። ሙከራው ባለቀ ቁጥር ጥቅሉን ከመርፌ ቁልፎቹ ላይ አውጥታ ታስቀምጠው።